ለ28 ሚሊ ሜትር ሻፍት የሸገም ቦይ ስፋቱና ጥልቀቱ ስንት ነው?

በብረት መቁረጫ ፋብሪካ ሥራ ሊገባ የሞከረ አንድ ወጣት በተግባር ፈተናው ላይ የገጠመውን አጫውቶን ነበር። ሠንጠረዡ ላይ 4 ሚሊ ሜትር የሚል አይቶ በትክክል ቆረጠ። ከዚያ ቦዩን በካሊፐር ሲለካው 3.4 ሆነበት። «አልደረስኩም» ብሎ 0.6 ጨመረ፤ ሻፍቱም ተጣለ። ያበላሸው መቁረጡ ሳይሆን አለካኩ ነበር። ይህን ፈተና የምትጠብቁ ስላላችሁ ነገሩን ከመጀመሪያው እናስረዳ።

ሸገም ፑሊን ወይም ጥርስን ከሻፍቱ ጋር አያይዞ እንዲዞር የሚያደርግ አራት ማዕዘን ብረት ነው። ግማሽ ያህሉ በሻፍቱ ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ ይቀመጣል፤ የቀረው በፑሊው ቀዳዳ ውስጥ ባለው ቦይ ይገባል። ኃይሉን የሚያስተላልፈው በጎንና በጎኑ እንጂ በአናቱ አይደለም።

ለዚህ የሚያገለግለው ሠንጠረዥ ዲን 6885 የተባለው ነው። የሚነበበው ከሻፍቱ ዲያሜትር ተነስቶ ነው። ሻፍታችሁ 28 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። «ከ22 በላይ እስከ 30» የሚለውን ረድፍ ፈልጉና ወደ ጎን ሂዱ። የሸገሙ ስፋት 8፣ ቁመቱ 7 ነው። t1 የተባለው የሻፍቱ ቦይ ጥልቀት 4.0 ሲሆን፣ t2 የተባለው የፑሊው ቦይ ጥልቀት ደግሞ 3.3 ነው። ሁለቱን ብትደምሩ 7.3 ይመጣል፤ ሸገሙ ግን 7 ብቻ ነው። የተረፈው 0.3 ስህተት አይደለም፤ ሸገሙ አናቱ ላይ እንዳይጫን ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት ነው።

በረድፉ ዳር ያለውን ቁጥር ልብ በሉ። «እስከ 30» ማለት 30 ራሱም በዚሁ ረድፍ ውስጥ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ልክ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ሻፍት 8 ስፋት ያለውን ሸገም ይወስዳል። 10 የሚጀምረው ከ30 በላይ ነው።

አሁን ወደ ወጣቱ ስህተት እንመለስ። t1 የሚለካው ከሻፍቱ ክብ ከፍተኛ ነጥብ ነው። ቦዩ ሲቆረጥ ግን ያ ነጥብ አብሮ ይሄዳል፤ ለካሊፐሩ የሚቀርለት የቦዩ ጠርዝ ብቻ ነው። ሻፍቱ ክብ ስለሆነ ጠርዙ ከአናቱ ዝቅ ይላል። ለ28 ሻፍትና ለ8 ስፋት ዝቅታው 0.58 ያህል ነው። ስለዚህ ትክክለኛው የ4 ሚሊ ሜትር ቦይ ከጠርዝ ሲለካ 3.42 ያሳያል። ወጣቱ ያየው 3.4 ትክክል መቁረጡን የሚያረጋግጥ ቁጥር ነበር!

አስተማማኙ መንገድ ከቦዩ ወለል እስከ ሻፍቱ ተቃራኒ ጀርባ ድረስ መለካት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦

```
d - t1 = 28 - 4 = 24
d + t2 = 28 + 3.3 = 31.3
```

የመጀመሪያው ለሻፍቱ ነው። ሠንጠረዡ ለዚህ ጥልቀት 0.2 ጭማሪ ስለሚፈቅድ፣ ልኬቱ ከ24.0 እስከ 23.8 ባለው ውስጥ ከሆነ ሥራው ያልፋል። የወጣቱ 23.4 ላይ ስለደረሰ ወደቀ። ሁለተኛው ለፑሊው ነው፤ ከቦዩ ወለል እስከ ቀዳዳው ተቃራኒ ግድግዳ ይለካል። እዚህም 0.2 ጭማሪ ስላለ እስከ 31.5 ይፈቀዳል።

ልኩ ሲሳሳት ምን ይሆናል? ቦዩ በጣም ከጠለቀ ሻፍቱ ይደክማል፤ ሸገሙም ወደ ፑሊው በበቂ አይገባም። ወጣቱ 4.6 በመቁረጡ ከሻፍቱ በላይ የሚወጣው ሸገም ከ3 ወደ 2.4 ወርዷል፤ ያው ኃይል በትንሽ ጎን ላይ ይጫናል። ቦዩ ካነሰ ደግሞ ሸገሙ አናቱ ላይ ይነካና ፑሊው አይገባም። በመዶሻ ካስገባችሁት ፑሊው ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ሲዞር ይወዛወዛል።

ስፋትም እንዲሁ ነው። ሸገሙ ጠበቅ ብሎ እንዲቀመጥ ሲፈለግ የ8 ቦይ ከ7.949 እስከ 7.985 መሆን አለበት። ጥቂት የሚወላገድ የ8 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ከዚህ ያሰፋዋል። ስለዚህ በቀጭን መቁረጫ መሐሉን ቆርጦ፣ ከዚያ ሁለቱን ጎኖች በየተራ ማስተካከል ይሻላል። ሻፍቱን ስትገለብጡ ሸገሙ በራሱ ከወደቀ ቦዩ ሰፍቷል። ሥራ ላይ ሲውል ሞተሩ በተነሳና በቆመ ቁጥር «ቷ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጎኖቹም እየተበሉ ይሄዳሉ።

አሮጌ ሻፍት ስትለኩ ፑሊው ያረፈበትን የተበላ ቦታ ሳይሆን ያልተበላውን ለኩ። ማሽኑ በኢንች የተሠራ ከሆነ ደግሞ ይህን ሠንጠረዥ ተዉት፤ የራሱ የኢንች ሠንጠረዥ አለው።