ግሱ ላይ መጫን

ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 (እ.ኤ.አ.) ስቲቭ ጆብስ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አፕል በዚያ ቀን ሦስት አዳዲስ ምርቶች እንደሚያወጣ ተናገረ። አይፖድ፣ ስልክና የኢንተርኔት መገናኛን ሲጠራ የእያንዳንዱ ምልክት ከኋላው ብቅ አለ። ከዚያ ሦስቱን እያፈራረቀ ይደጋግማቸው ጀመር፤ ምልክቶቹም አብረውት ይገላበጣሉ። ገባችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አዳራሹ በጩኸትና በጭብጨባ መለሰ። ሦስቱ አንድ ዕቃ መሆናቸውን ግን ገና አልነገራቸውም ነበር።

ይህን በዌቢናር ማድረግ ይከብዳል። አቅራቢው የተመልካቹን ፊት አያይም፤ የሚጋራው ስክሪንም ብዙ ጊዜ ከድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ሸክሙ በጽሑፉ ላይ ይወድቃል። ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች ገጹን ለሁለት ይከፍሉታል፤ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚነገረው ይሰፍራል።

አዲስ የገንዘብ ማስተላለፊያ መተግበሪያ ይተዋወቃል እንበል። በቀኝ በኩል «ከታች፣ በስተቀኝ ያለውን አረንጓዴውን ‹ላክ› እንጫናለን» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። እዚህ ላይ አማርኛ ትልቅ ውለታ ይውላል። ቦታው ቀድሞ ዓይንን ይመራል፣ ቀለሙ ይከተላል፣ ግሱ መጨረሻ ይመጣል። ጣት መነካት ያለበት «እንጫናለን» በሚለው ቃል ላይ ነው። አቅራቢው «ከታች» እያለ ከተጫነ ገጹ ይቀየርና ተመልካቹ የሌለ ቁልፍ ሲፈልግ ይቀራል። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚሁ ነው፤ የመጫኛው ምልክት እንግሊዝኛው ግሱን ያስቀደመበት የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ከመጫን በኋላ ዝምታ ያስፈልጋል። በግራው ዓምድ «ደረሰኙ እስኪታይ ጠብቅ» ተብሎ ይጻፋል፤ ስለ ደረሰኙ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። የሚጠበቀው ጊዜ በግምት አይወሰንም። በልምምዱ ቀን አንድ ባልደረባ ሌላ ክፍል ሆኖ፣ በሞባይል ዳታ፣ በስልኩ ይከታተላል፤ ደረሰኙን ባየ ቁጥር በመደበኛ ስልክ «መጣ» ይላል። መዘግየቱ በሰከንድ ይለካል። አራት ሰከንድ ከሆነ አቅራቢው ያን ክፍተት የሚሞላ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይዘጋጅለታል፤ ለምሳሌ ስለ አገልግሎት ክፍያው። ይህ ዓረፍተ ነገር ቢዘለልም ትረካው መጉደል የለበትም፤ ኔትወርኩ በዚያ ቀን ሊፈጥን ይችላልና።

ስላይድ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ማንበብም አድማጭን ያደክማል። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ማየር ሰዎች ሥዕልን ከንግግር ጋር ሲያዩ፣ ያው ንግግር በጽሑፍ ከተጨመረበት ይልቅ የተሻለ እንደሚማሩ በሙከራ አሳይቷል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ «ላክ» የሚለው ቁልፍና የብሩ መጠን ይበቃሉ።

መተግበሪያው በቀጥታ ስርጭቱ መሀል ከቆመ ቀድሞ የተቀዳ ቪዲዮ ይተካዋል። ቪዲዮው ግን ለቀጥታ ማሳያው በተጻፈው ትረካ ልክ፣ ጸጥታዎቹ ሳይቀሩ መቀዳት አለበት። አለዚያ አቅራቢው ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ምስሉን ሲያሳድድ ይውላል።