የመጀመሪያው ደረሰኝ የማን ነው?

ከስምሪት ክፍል በየወሩ በሚወጣው ሪፖርት ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው ጠቅላላ የነዳጅ ወጪውን ነው። እኔ ግን ቀድሜ የማየው ዳር ላይ ያለችውን ጠባብ ዓምድ ነው፤ እያንዳንዱ ታርጋ በኪሎ ሜትር ስንት ብር እንዳወጣ የምትናገረውን። ስሌቷ የነዳጁን ብር ለተሄደው ኪሎ ሜትር ማካፈል ብቻ ነው። ሰው የሚሳሳተው በማካፈሉ ሳይሆን የትኛውን ሊትር ከየትኛው መንገድ ጋር እንደሚያጣምር ሲመርጥ ነው።

አንድ የናፍጣ ፒክአፕ እንውሰድ። ኅዳር 2 ቆጣሪው 84,210 ላይ ሳለ 62 ሊትር ቀድቶ ሞላ። ኅዳር 11 በ84,690 ላይ 48 ሊትር ቀድቶ እንደገና ሞላ። ኅዳር 19 በ85,020 ላይ 30 ሊትር ብቻ ቀዳ፣ አልሞላም። ኅዳር 27 በ85,410 ላይ 54 ሊትር ቀድቶ ሞላ። አብዛኛው መዝጋቢ አራቱን ደረሰኞች ይደምርና 194 ሊትር ያገኛል፣ ለ1,200 ኪሎ ሜትር ያካፍላል፣ መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር 16 ሊትር በላ ብሎ ይጽፋል። ለስሌት እንዲቀለን ሊትሩን 100 ብር ብንለው፣ በኪሎ ሜትር 16 ብር ከ17 ሳንቲም መሆኑ ነው።

ይህ መኪና ግን ያን ያህል አልበላም። ታንከር ስንሞላ የምንተካው ቀድሞ የተቃጠለውን ነው። የኅዳር 2ቱ 62 ሊትር ጥቅምት ውስጥ የተሄደ መንገድ ዕዳ ነው፤ ለኅዳር የሚሰጠን የቆጣሪውን መነሻ ብቻ ነው። እሱን ስናወጣ 132 ሊትር ለ1,200 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ በመቶ 11 ሊትር፣ በኪሎ ሜትር 11 ብር። በኮምፒውተር ለሚሠራ፣ ቆጣሪው B ላይ፣ ብሩ D ላይ፣ የመጀመሪያው ሙሌት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከሆነ ቀመሩ እንዲህ ነው፦

```
=SUM(D3:D5)/(B5-B2)
```

ኪሎ ሜትሩ ከሁለተኛው ረድፍ ሲነሣ ብሩ ከሦስተኛው እንደሚነሣ ልብ ይሏል። ስለዚህ የሪፖርቱ ወር ከ1 እስከ 30 ሳይሆን ከሙሌት እስከ ሙሌት ነው። ከኅዳር 27 በኋላ የተሄደው መንገድ ለታኅሣሥ ያድራል። የሂሳብ ክፍል ሰዎች ይህን አይወዱትም፤ የእነሱን ድምር በደረሰኙ ቀን ይሥሩት፣ የመኪናውን ፍጆታ ግን በዚያ አይለኩ።

አሁን ወደ ኅዳር 19ኙ ግማሽ ቅጂ እንመለስ፤ የሾፌር ስም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ብናሰላቸው፣ ከ11 እስከ 19 መኪናው 330 ኪሎ ሜትር በ30 ሊትር ሄደ፣ በመቶ 9 ሊትር ገደማ። ከ19 እስከ 27 ደግሞ 390 ኪሎ ሜትር በ54 ሊትር፣ በመቶ ወደ 14 የሚጠጋ። በአንድ ሳምንት እንዲህ ያለ ልዩነት ያየ ኃላፊ የሚያስበው ስርቆትን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ባለ ቁጥር የተጠራ ሾፌር፣ «ጋሼ፣ ማደያው የሰጠኝን ነው የቀዳሁት፤ ናፍጣ እያለቀበት ነበር» ሲል ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ነበር። ያልሞላ ቅጂ ብቻውን አይሰላም፤ ሊትሩ ተይዞ እስከሚቀጥለው ሙሌት ይጠበቃል። ሁለቱን ስንደምር 84 ሊትር ለ720 ኪሎ ሜትር፣ በመቶ 11.7 ይሆናል። ከኅዳር 2 እስከ 11 በመቶ ከበላው 10 ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ጭነት፣ ዳገት ወይም ሞተር ሳይጠፋ መቆም ያንን ያመጣዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ደረሰኙ ላይ ሁለት ነገር ሲጻፍ ነው፦ ማደያው ላይ የተነበበው ቆጣሪ፣ እና «ሞልቷል» ወይም «አልሞላም» የሚል ቃል። ቢሮ ተመልሰው በግምት 85,000 ብለው የሚሞሉ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ተዉ። በተከታታይ በሦስት ዜሮ የሚያልቅ ቆጣሪ በመንገድ ላይ አይገኝም።

ብሩንና ሊትሩንም በየዓምዳቸው አስቀምጡ። የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት ሲስተካከል የሁሉም መኪና የኪሎ ሜትር ወጪ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር የሚበላው ሊትር ካልተነቃነቀ መኪናው ምንም አልሆነም። የአንዱ ታርጋ ሊትር ብቻውን ከወጣ ግን ወደ ጋራዥ መላክ ወይም ደረሰኙን ማየት ነው። 80 ሊትር በሚይዝ ታንከር 95 ሊትር የተቀዳበት ደረሰኝ ካለ፣ ትርፉ የገባው ጀሪካን ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ለጄኔሬተር። ያ ሊትር ለጄኔሬተሩ በራሱ መስመር ይመዝገብ።

ቆጣሪው ተበላሽቶ የተቀየረ እንደሆነ ደግሞ በዚያው ቀን የአሮጌው መጨረሻና የአዲሱ መነሻ ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ አለዚያ በሚቀጥለው ወር መኪናው ወደ ኋላ የሄደ ይመስላል።