የማግኒዚየም መርፌና የጎደሉት ነጥቦች

ሃርት አታክ ለተባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ማግኒዚየም በደም ሥር መስጠት ሕይወት ያድን እንደሆነ በ1980ዎቹ የተሠሩት ጥናቶች ትንንሽ ስለነበሩ ለየብቻቸው እርግጠኛ መልስ አልሰጡም። በ1991 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ሰባቱን በአንድ ላይ ገመገሙ። ማግኒዚየም ከተሰጣቸው 657 ሕመምተኞች 25ቱ፣ ካልተሰጣቸው 644 ደግሞ 53ቱ ሞተዋል። መድኃኒቱ ሞትን በግማሽ ያህል የሚቀንስ መሰለ።

ይህ ዘዴ ሜታ አናሊሲስ ይባላል። የሁሉንም ጥናቶች ሕመምተኞች በአንድ መዝገብ ደባልቆ መቁጠር ግን አይደለም። በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ጥናት ውስጥ መድኃኒቱን ያገኙት ካላገኙት ጋር ይነጻጸራሉ። ከዚያ የየጥናቱ ውጤት ክብደት ተሰጥቶት አማካዩ ይወሰዳል። ብዙ ሕመምተኛና ብዙ ሞት የመዘገበው ጥናት ውጤቱ በአጋጣሚ የመዋዠቅ ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ የበለጠ ይመዝናል።

በ1995 አይሲስ-4 የተባለው ግዙፍ ጥናት 58,050 ሕመምተኞችን መርምሮ ውጤቱን አወጣ። ማግኒዚየም ከወሰዱት 7.64 በመቶ፣ ካልወሰዱት 7.24 በመቶ ሞተው ነበር። ጥቅም አልታየም።

ታዲያ የቀድሞው ድምር ምን አሳሳተው? በዚያው ዓመት ማቲያስ ኤገርና ጆርጅ ዴቪ ስሚዝ የማግኒዚየም ጥናቶችን በፈነል ፕሎት አሳዩ። በዚህ ሥዕል እያንዳንዱ ጥናት አንድ ነጥብ ነው። ወደ ግራ የወደቀ ነጥብ መድኃኒቱ ጠቅሟል ይላል፤ ወደ ቀኝ የወደቀ አልጠቀመም ወይም ጎድቷል ይላል። ትልልቆቹ ጥናቶች ከላይ፣ ትንንሾቹ ከታች ይቀመጣሉ። የትንንሾቹ ውጤት በአጋጣሚ ስለሚዋዥቅ ከታች በሁለቱም በኩል መበተን አለባቸው፤ የትልልቆቹ ግን እውነተኛው ውጤት አጠገብ ይጠጋጋል። አንድ ላይ ሲታዩ ዘይት መቅጃ ፈነል ተገልብጦ የቆመ ይመስላሉ።

የማግኒዚየሙ ሥዕል ግን ጎደሎ ነበር። ትንንሾቹ ጥናቶች በግራ በኩል ተከማችተው የታችኛው ቀኝ ክፍል ሳስቷል። ያም ቦታ «አልጠቀመም» የሚሉ ትንንሽ ጥናቶች መገኘት የነበረባቸው ነው። አንዱ ማብራሪያ ተመራማሪዎችም ሆኑ መጽሔቶች ደስ የሚያሰኘውን ውጤት ለማሳተም ስለሚቸኩሉ ሌላው በመሳቢያ ውስጥ ቀርቷል የሚል ነው። የኅትመት አድልዎ የሚባለው ይህ ነው።

ሆኖም የሥዕሉ መጉደል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ትንንሽ ጥናቶች በጥንቃቄ ጉድለት ጥቅሙን ሊያጋንኑ፣ ወይም ሕመሙ የጠናባቸውን ሰዎች መርጠው በእርግጥም የተለየ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ። ጥናቶቹ ከአሥር ካነሱ ደግሞ የነጥቦቹ መዛባት ዝም ብሎ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሥዕሉ ጥርጣሬን ይጭራል እንጂ የጎደለውን ጥናት አያመጣም። ከ2005 ጀምሮ ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች ሙከራዎች የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት በይፋ እንዲመዘገቡ የጠየቁት ለዚህ ነው፤ ተመዝግቦ ሳይታተም የቀረ ጥናት ቢያንስ መሠራቱ ይታወቃል።