አንቀጹ ስለ ምን ነው?

በአይኢኤልትስ የንባብ ፈተና ብዙ ተፈታኞችን የሚያሳስተው ለየአንቀጹ ርዕስ የማዛመድ ጥያቄ ነው። የሚቀርቡት ርዕሶች ከአንቀጾቹ ስለሚበልጡ ትርፎቹ ማሳሳቻ ይሆናሉ። ማሳሳቻው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአንቀጹ አንድ ዝርዝር ነጥብ ተወስዶ ነው።

አንድ አንቀጽ እንዲህ ይላል እንበል፦ «የንቦች ቁጥር ሲቀንስ ጣት የሚቀሰረው በፀረ ተባይ ኬሚካል ላይ ነው። ሆኖም ቫሮዋ የተባለው ጥገኛ ተባይም ኅብረ ንቡን ያዳክማል፤ የአበባ መመናመንም ያስርበዋል።» ከርዕሶቹ አንዱ «የፀረ ተባይ ኬሚካል ጉዳት»፣ ሌላው «ከአንድ በላይ መንስኤ ያለው ችግር» ነው። የቸኮለ ተፈታኝ «ኬሚካል» የሚለውን ቃል አይቶ የመጀመሪያውን ይመርጣል። ነገር ግን «ሆኖም» ሐሳቡን አዙሮታል፤ ኬሚካሉ መነሻ ብቻ ነው።

መለያው ይኸው ነው፦ ርዕሱን ይያዙና እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይደግፈው እንደሆነ ይፈትሹ። የመጀመሪያው ርዕስ አንዱን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሸፍናል፤ ሁለተኛው ሁሉንም ያቅፋል። ዋናው ሐሳብ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ አይገኝምና አንቀጹን እስከ መጨረሻው ይመልከቱ። ሁለት ርዕሶች ካጠራጠሩዎት ሁለቱንም በማስታወሻ ይያዙና ይለፉ፤ የቀሩት አንቀጾች ርዕሳቸውን ሲያገኙ ምርጫው ይጠብባል።