መዝሙሩ እንዲገኝ፣ ገጣሚዋም እንዳትረሳ

የኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤታችን መዘምራን ለበዓሉ ያጠኑትን «የበረሃው መሪ» የተሰኘ መዝሙር ቀርጸን ስናበቃ ዩቲዩብ ላይ የመጫኑ ሥራ ለእኔ ደረሰ። መሽቷል፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ርእሱን «አዲስ መዝሙር 2017 ቅ/ሚካኤል» ብዬ ጻፍኩ። መግለጫ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶውን ትቼ ተኛሁ።

ከበዓሉ በኋላ አንዲት እናት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ያ በረሃ በረሃ የምትሉበት መዝሙር የት ነው ያለው? ልጄ ከአሜሪካ ስልኳን ስትጎረጉር ውላ አጣችው» አሉኝ። እሳቸው የያዙት አንድ ቃል ነው፤ በረሃ። እኔ በጻፍኩት ርእስ ውስጥ ያ ቃል የለም። ሰው መዝሙር የሚፈልገው ጆሮው ላይ በቀረችው ቃል ነው፤ ያቺ ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ የአዝማቹ መነሻ ናት። «አዲስ» ብሎ የሚፈልግ የለም። ቢኖር እንኳ በዚያ ስም የተጫኑት መዝሙሮች ስለሚበዙ የእኛን አያገኘውም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ይበልጥ ያሳዝናል። ያው ቀረጻ በሌላ ቻናል ላይ ተገልብጦ ተገኘ፤ ከሥሩ መዝሙሩ የአንድ ታዋቂ ዘማሪ እንደሆነ ተጽፏል። ግጥሙን የጻፈችው ግን የመዝሙር ክፍላችን እኅት ናት። ሰማያዊ ልባስ ባለው ደብተር ላይ ስትሰርዝና ስትደልዝ፣ «መራ» የሚለውን «አሻገረ» በሚለው ስትለውጥ፣ ኋላም ወደ «መራ» ስትመልሰው አይቻለሁ። ይቅርታ ስጠይቃት «ወንድሜ፣ የእኔ ስም ባይጻፍ ግድ የለኝም፤ ያልጻፈው ሰው ስም መጻፉ ግን ለእሱም ጥሩ አይደለም» አለችኝ። የገለበጠው ሰው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። እኔ ባዶ የተውኩትን ቦታ በግምቱ ሞላው።

ከዚያ ወዲህ ርእስና መግለጫ ሳልጽፍ መዝሙር አልጭንም።

ከርእሱ ልጀምር። ዩቲዩብ ለርእስ የሚፈቅደው እስከ 100 ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። ስልክ ላይ ግን ርእሱ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይቆረጣል። ስለዚህ መዝሙሩን የሚለየው ቃል ከፊት ይቀመጣል፤ መጀመሪያ የመዝሙሩ ስም፣ ቀጥሎ ስለ ማን እንደተዘመረ፣ ከዚያ ማን እንደዘመረው። የብዙ ደብሮች ሙሉ ስም ረጅም ነው። «ደብረ» ብሎ ጀምሮ የሁለት ጻድቃንን ስም አስከትሎ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መጠሪያ ሲጨምር ርእሱን ብቻውን ይሞላዋል። ሙሉ ስሙ መግለጫው ውስጥ ይግባ፤ ርእሱ ላይ ሰው የሚያውቀው አጭሩ የመዘምራኑ ስም ይበቃል።

ምሕጻረ ቃል ላይ ጥቂት ልቆይ። «ቅ/ሚካኤል»፣ «ቤ/ክ»፣ «ሰ/ት/ቤት» የማስታወቂያ ሰሌዳና የደብዳቤ ልማድ ናቸው፤ እኔም ከዚያ ነው ያመጣሁት። የሚፈልገው ሰው ግን «ቅዱስ ሚካኤል» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ መፈለጊያው «ቅ/»ን «ቅዱስ» ብሎ ያነብልናል ብሎ መተማመን አይቻልም። የመልአኩን ማዕረግ በአንዲት ፊደልና በእዝባር መቁረጥም ለጆሮ ደስ አይልም። እዚህ ላይ አክብሮቱና ተፈላጊነቱ አንድ ናቸው፤ ስሙ ሲሞላ ይከበራል፣ ሲሞላም ይገኛል። «እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም» የሚለውንም እንዲሁ አልቆርጠውም።

የሚጋጩበት ቦታም አለ። «ሰምቶ የማያለቅስ የለም»፣ «ሰበር መዝሙር»፣ የእሳትና የእንባ ምስል የተደረደረበት ርእስ ጠቅ የሚያደርግ ሰው ያመጣል። ዝማሬ ግን ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው፤ አድማጩ ማልቀስ አለማልቀሱን አስቀድመን የምንነግረው እኛ አይደለንም። ከይዘቱ ጋር የማይገናኝ ርእስ፣ ለምሳሌ ያልዘመረን ታዋቂ ዘማሪ ስም ለመሳቢያነት ማስገባት፣ የዩቲዩብንም ደንብ ይጥሳል፤ ቪዲዮው ሊነሣ ይችላል። የዝማሬውን ዓይነትም በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። በማሕሌት የቀረበን ወረብ «መዝሙር» ብሎ መጫን ወረብ ለማጥናት የሚፈልገውን ተማሪ ያሳጣዋል፣ መዝሙር የሚፈልገውንም ያሳስተዋል።

ዓመተ ምሕረቱን ከርእሱ አውጥቼዋለሁ። የኅዳር ሚካኤል በየዓመቱ በ12 ይከበራል። «2017» የሚል ርእስ በሚቀጥለው ኅዳር ያረጀ ይመስላል፣ መዝሙሩ ግን አያረጅም። ዘመኑ መግለጫው ውስጥ ቢቀመጥ ይበቃዋል።

የሞክሼ ፊደላት ነገር ደግሞ አለ። አንዱ «ኅዳር» ሲል ሌላው «ህዳር» ይላል፤ «ሥላሴ» እና «ስላሴ»፣ «ጸሎት» እና «ፀሎት» እንዲሁ። ርእሱ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሚጽፉትን ትክክለኛ ፊደል አኖራለሁ፤ ሌላውን አጻጻፍ ዩቲዩብ «ታግ» በሚለው ሳጥን ውስጥ አስገባለሁ። ያ ሳጥን ተመልካች ስለማያየው አያስነውርም፤ ዋና ጥቅሙም ሰው በተለያየ ፊደል ለሚጽፋቸው ቃላት ነው። ቃላቱን መግለጫው ውስጥ በረድፍ መደርደር ግን አንባቢን ያሰለቻል፣ ዩቲዩብም እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። ውጭ አገር ተወልደው በአማርኛ የሚሰሙ፣ ሲጽፉ ግን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ልጆች አሉ። የእኒያ እናት ልጅ ከእነዚህ አንዷ ናት። ለእነሱ ሲባል ርእሱ መጨረሻ ላይ ሦስት የላቲን ቃላት ጨመርኩ። የታረመው ርእስ እንዲህ ሆነ፦

```
የበረሃው መሪ | የቅዱስ ሚካኤል መዝሙር | (የመዘምራኑ ስም) | Kidus Mikael Mezmur
```

የመዘምራኑን ስም ትተን ብንቆጥረው ሃምሳ ፊደል ያህል ነው፤ ለስሙ በቂ ቦታ አለው።

መግለጫው እስከ 5000 ፊደል ይይዛል። ተመልካቹ ሳይከፍተው የሚያየው ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ብዙዎቻችን እዚያ የምንጽፈው «ሰብስክራይብ በማድረግ ቤተሰብ ይሁኑ» የሚለውን ነው፤ የገጣሚው ስም፣ ከተጻፈ፣ ከስልክ ቁጥርና ከማስታወቂያ በታች ይወድቃል። እኔ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፦

```
«የበረሃው መሪ»፣ ስለ ቅዱስ ሚካኤል የተዘመረ መዝሙር
ግጥም፦ እኅት (ሙሉ ስም)
ዜማ፦ ወንድም (ሙሉ ስም)
ዝማሬ፦ (የደብሩ ሙሉ ስም)፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን
መነሻ፦ ዘጸአት 23፥20
የተቀረጸው፦ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ግጥሙ በገጣሚዋ ፈቃድ ቀርቧል፦
```

ከዚህ በታች ግጥሙ ከአዝማች እስከ መጨረሻ ይገባል። አድማጩ እያነበበ ይከተላል፤ ከመካከል አንድ ስንኝ ብቻ የሚያስታውስ ሰውም መዝሙሩን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

ግጥምና ዜማን በአንድ መስመር «ግጥምና ዜማ፦ እገሌ» ብሎ መጠቅለል የተለመደ ነው። ሁለቱን አንድ ሰው ከሠራቸው ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ጽፎ ሌላው ያዜማል፣ ሦስተኛው ይዘምራል፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ሦስተኛውን ብቻ ስለሆነ ሁሉም የእሱ ይመስለዋል። የእኛ እኅት ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። አባቶቻችን በዚህ አልሰነፉም። ዳዊትን «መዝሙር ዘዳዊት» ብለው፣ ድጓውን ለቅዱስ ያሬድ፣ ማሕሌተ ጽጌን ለአባ ጽጌ ድንግል ሰጥተው አስተላልፈውልናል።

ስም ከመጻፍ በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን የክርስትና ስማቸውን የሚመርጡ አሉ። «ወለተ ማርያም» ብቻ ብንል ግን ስንት ወለተ ማርያም አለች? እሺ ካለች ሁለቱም ስም ጎን ለጎን ቢጻፍ ይሻላል። ስማቸው ፈጽሞ እንዳይጠቀስ የሚሹም አሉ፤ ውዳሴ ከንቱን ይፈራሉ። ይህን ምርጫ የአገራችን ሕግም ያውቀዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ሥራው የእርሱ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ስሙ ሳይገለጥ የመቆየትና በብዕር ስም የመጠቀም መብትም እንዲሁ። እንዲህ ሲሆን «ግጥም፦ ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባል» ብሎ መጻፍ ነው፤ መስመሩን መዝለል ሌላ ሰው እንዲሞላው መጋበዝ ይሆናል። ደራሲው ያልታወቀ ነባር መዝሙር ሲሆን «ነባር መዝሙር፤ የግጥሙን ደራሲ የምታውቁ ንገሩን» እላለሁ። መጀመሪያ በካሴት የሰማነውን ዘማሪ በደራሲነት አልጽፍም።

ስም መጥቀስና ፈቃድ ማግኘት ደግሞ አንድ አይደሉም። በዚሁ አዋጅ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የሌላ ደብር ወይም የሌላ ዘማሪ መዝሙር ዘምረን ስንጭን «ምስጋና ለእገሌ» ማለታችን ብቻውን አያድነንም። ባለመብቱ በሕጋዊ ጥያቄ ቪዲዮውን ካስነሣው ቻናላችን ማስጠንቀቂያ ይመዘገብበታል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ዩቲዩብ ቻናሉን ሊዘጋው ይችላል። የዓመታት ዝማሬ አብሮ ይጠፋል። ቀድሞ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይቀላል፤ የፈቀደው ሰው በመልእክት ቢያረጋግጥልን ደግሞ የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ ሲለወጥም ማስረጃው ይቆያል።

የተጫነን ቪዲዮ ርእስና መግለጫ ማረም ቪዲዮውን አይነካውም፤ አድራሻውም የተመለከተው ሰው ቁጥርም እንዳለ ይቀመጣል። ይህን ሳውቅ አጥፍቼ እንደገና ልጭነው የነበረውን ተውኩና ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብቼ ባለበት አረምኩት። ለገለበጠው ቻናልም ጻፍኩለት፤ በሦስተኛው ቀን ስሙን አስተካከለ።

ከማስቀመጤ በፊት መግለጫውን ለእኅታችን በስልኬ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዜማውን ያወጣው ወንድማችን መዝሙሩ ሳይቀረጽ ዐርፏል። ጣቷን የእሱ ስም ላይ አድርጋ «እሱን ከእኔ በላይ አድርገው፤ ዜማው ባይኖር ደብተሬ ውስጥ ነበር የሚቀረው» አለችኝ። መስመሮቹን አቀያየርኩ፣ ከስሙ በኋላም «ነፍሱን ይማር» ብዬ ጨመርኩና አስቀመጥኩት።