ዕቃው ዘገየ፤ እንጠብቅ ወይስ አቤት እንበል?

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቷ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የእንጦጦ ግርጌ ነው። ለኦቨርሎክ ማሽኗ የሚሆን ዕቃ ከቻይና በ48 ዶላር አዘዘች። ጥቅምት 2 ቀን ዋሽንግተን ያለች የአክስቷ ልጅ በፔይፓል ከፈለችላት። ሻጩ «በ45 ቀን ይደርሳል» ብሎ ነበር፤ ያ ማለት ኅዳር 17 ነው። ታኅሣሥ 12 ስልኳን ይዛ መጣች። «አሁንስ ብሬን በላኝ! ልክሰሰው?»

እኔ መጀመሪያ ያየሁት የሻጩን ቀን ሳይሆን የመከታተያ ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ተሰጥቶ ዕቃው ለፖስታ ተረከበ የሚል ነገር ከሌለ ሻጩ ጭራሽ አልላከውም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ብዙ መጠበቅ ጥቅም የለውም። የእሷ ግን ጥቅምት 14 ከቻይና ወጥቷል ይላል፤ ከዚያ በኋላ ዝም። ዝምታው ብቻውን ጠፍቷል አያሰኝም፤ ቀጣዩ ምዝገባ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ዕቃው አዲስ አበባ ሲገባ ነውና። «ጉምሩክ ነው» ወይም «ፖስታ ቤት ደርሷል» ቢል ኖሮ ክሱን ትተሽ መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂ እላት ነበር።

እኛ ሰፈር ፖስታ በር አያንኳኳም። የሰጠችው አድራሻ የወንድሟ መሥሪያ ቤት የፖስታ ሳጥን ነው። የጥሪ ወረቀቱ እዚያ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳያጣሩ መክሰስ ሻጩን ያለ ጥፋቱ መወንጀል ነው። ወንድሟ ፈተሸ፣ ቁጥሩንም ፖስታ ቤት ጠየቀ። የለም።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። ፔይፓል «ዕቃው አልደረሰኝም» ለሚል አቤቱታ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ይሰጣል። በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜ በቀር ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ልክ ስድስት ወር፣ እስከ ሚያዝያ 2። ስለዚህ ለመጠበቅ ጊዜ አላት፣ ግን እስከ መቼ? ጥር 2 ድረስ ጠብቂ አልኳት። ከመነሻው ዘጠና ቀን ይሞላል፤ ቢበላሽ እንኳ ሦስት ወር ይቀራታል።

ጥር 2 ምንም አልመጣም። አቤቱታውን የከፈተችው የአክስቷ ልጅ ናት፤ መክፈት የሚችለው ገንዘቡ ከሒሳቡ የወጣ ሰው ነዋ! ይህን ቀድማችሁ ከከፋዩ ጋር ተነጋገሩ። ሻጩ ወዲያው መለሰ፦ «እባክሽ አንድ ወር ታገሺ፣ አቤቱታውን ግን ዝጊው።»

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። አንዴ የተዘጋ አቤቱታ ዳግም አይከፈትም። ሳይዘጉ መታገስ ይቻላል፣ ለዚያም ገደብ አለው፤ በ20 ቀን ውስጥ ወደ ክስ ካላሳደጉት ራሱ ይዘጋል። የእሷ ጥር 22 ያልቅ ነበር። ጥር 19 ወደ ክስ አሳደጉት፤ ፖስታ ቤት የጠየቁትንና የመከታተያውን ገጽ ፎቶ አያይዘው። ገንዘቡ የካቲት ውስጥ ተመለሰ።

ዕቃው ዘግይቶ ቢመጣስ? ጠየቀችኝ። «ለሻጩ ክፈይው፤ ማሽንሽ እኮ ይፈልገዋል።»