«አለ» እና «አሉ»፦ አምላክ በአማርኛ ሲናገር

አንድ አዛውንት ሲያመሰግኗቸው «እግዚአብሔር ይስጥዎት» ይባላሉ። በዚህች አንዲት ግሥ ውስጥ ሰጪም ተቀባይም አለ። ተቀባዩ በ«ዎት» ከብረዋል። ሰጪው ግን «ይስጥ» እንጂ «ይስጡ» አልተባለም። አንቱታው ለሰው ደርሶ ፈጣሪ «እሱ» ተብሎ ቀርቷል። ይህን ማንም አይስተውም። «እግዚአብሔር ይስጡዎት» የሚል ሰው ቢያጋጥመን አማርኛ ገና እየለመደ መሆኑን ወዲያው እናውቃለን። ስብከት ላይም ያው ነው፤ «ቄሱ፣ ጌታ እንዲህ አለ፣ አሉ» ስንል ተናጋሪው ቄስ «አሉ»ን፣ ቃሉ የሚጠቀስለት ጌታ «አለ»ን ይወስዳሉ።

ለምን እንዲህ ሆነ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አምላክ ቅርብ ነው፣ አባት ነው የሚል ነው። መልሱ ለልብ ይመቻል፤ ነገር ግን አማራ አገር አባቱን «አንቱ» የሚል ልጅ ሞልቷል። ከዚህ የሚበልጥ ክብደት ያለው ምክንያት የመጻሕፍቱ ቋንቋ ነው። ግዕዝ ለአንድ የተከበረ ሰው የተለየ ተውላጠ ስም የለውም፤ ንጉሡም እረኛውም «አንተ» ናቸው። የብሉይ ኪዳን ዕብራይስጥም እንዲሁ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ተከትሎ ነገሥታቱን ሳይቀር «አንተ» ያሰኛል። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ «አንተ» መባል ለአምላክ ብቻ የተለየ አይደለም። የተለየ የሚሆነው በምእመኑ አፍ ላይ ነው። አማቱን «እርስዎ» ብሎ ከቤት የወጣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ «አንተ ታውቃለህ» ብሎ ይጸልያል።

ሌላው ምክንያት የአንቱታው የራሱ ጠባይ ነው፤ እኔ የማተኩረው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ለአክብሮት ብሎ አዲስ ግሥ አልፈጠረም፤ የብዙውን ቁጥር ተውሶ ነው የሚያከብረው። «አሉ» ስንል ሦስት ሰዎች ተናግረው ሊሆን ይችላል፣ አንድ አዛውንት ተናግረው ሊሆን ይችላል፣ ፊት ለፊታችን የተቀመጡትን «እርስዎ አሉ» ማለታችንም ሊሆን ይችላል። ብዙ ቁጥር ደግሞ ጾታ የለውም። «እሳቸው መጡ» ከተባለ አቶም ወይዘሮም ሊሆኑ ይችላሉ። አንቱታን የመረጠ ሰው እንግዲህ ሳያስበው ሁለት ነገር ይጥላል፤ አንድነቱም ይደበዝዛል፣ ጾታውም ይጠፋል። ነጠላውን የመረጠ ደግሞ «አለ» ወይም «አለች» ከማለት አያመልጥም። አማርኛ ጾታ የሌለው ነጠላ ሦስተኛ መደብ ስለሌለው፣ አምላክን ያለ ጾታ ልጥራ የሚል ተርጓሚ ቢነሣ የሚያገኘው «እሳቸው»ን ብቻ ነው፤ «እሳቸው» ደግሞ ብዙ አማልክትን ያስጠረጥራል። አምላክ በአማርኛ «አለ» የሚባለው የወንድ አካል ስላለው ነው የሚል አስተማሪ አላጋጠመኝም። ቋንቋው አንድነትን ሳይነካ የሚሰጠው ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው።

ይህ የሰዋስው ጉዳይ ተራ ነገር እንዳልሆነ የሚታየው ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ላይ ነው። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር፣ በቀትር፣ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጧል። እግዚአብሔር ተገለጠለት ይላል ምዕራፉ ሲጀምር፤ አብርሃም ቀና ሲል ግን የሚያየው ሦስት ሰዎች ነው። ሮጦ ተቀበላቸው፤ ሰገደላቸው። ከዚህ በኋላ የሚናገረው ነገር በዕብራይስጡ መጀመሪያ ለአንድ ሰው የሚነገር ነው፤ ባሪያህን አትለፈው ይላል። ወዲያው ግን ውሃ ይምጣ ሲል፣ እግር ታጠቡ ሲል፣ ከዛፉ በታች ዕረፉ ሲል ወደ ብዙ ይዞራል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሣራ የት ናት ብለው የጠየቁት ብዙዎች ናቸው። በሚቀጥለው ቁጥር ተመልሼ እመጣለሁ የሚለው ግን አንድ ነው።

አሁን ተርጓሚውን በዚህ ቦታ እናስቀምጠው። ለመጀመሪያው ንግግር ሦስት መንገድ አለው። «አትለፈኝ» ቢል አንድ ነው፣ ወንድ ነው፣ አንቱታ የለውም። «አትለፉኝ» ቢል ሦስቱንም ይጠራል። «አይለፉኝ» ቢል ደግሞ አንድ የተከበረ እንግዳ ነው። ለአበሻ አስተናጋጅ ከሁሉም የሚቀርበው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ደጁ ላይ የቆመ የማያውቀውን ትልቅ ሰው ማን «አንተ» ይላል? ሆኖም «አይለፉኝ» ሲባል አንባቢ የሚያየው አንድ የተከበረ መንገደኛ እንጂ አምላክን አይደለም። አማርኛ ሰሚ «አንተ» የሚለውን በጸሎት ስለለመደው፣ «አትለፈኝ» ሲባል ግን አብርሃም ለማን እየተናገረ እንደሆነ ይጠረጥራል። የአንቱታው መቅረት ራሱ ምልክት ይሆናል ማለት ነው። ነጠላውን የምደግፈው ለዚህ ነው።

«አሉት» የሚለው ላይ ስንደርስ ደግሞ አማርኛ ዕብራይስጡ የማያውቀውን ችግር ያመጣል። ዕብራይስጡ ብዙ ሲል ብዙ ነው። አማርኛው «ሣራ ወዴት ናት አሉት» ቢል ግን የገጠር አድማጭ አንድ ትልቅ እንግዳ የጠየቁ መስሎት ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ተርጓሚው «እነርሱም» ብሎ መጀመር አለበት፤ ያች ተውላጠ ስም ከወደቀች የሦስቱ ድምፅ ወደ አንድ አዛውንት ድምፅ ይለወጣል።

የእኛ የትርጓሜ መምህራን ይህን የቁጥር መለዋወጥ የአንድነትና የሦስትነት ምስጢር አድርገው ያስተምሩታል። በየዓመቱ ሐምሌ 7 የሚከበረው በዓልም ሥላሴ በአብርሃም ቤት የገቡበትን የሚያስብ ነው። አይሁድ ሦስቱን መላእክት ይሏቸዋል፤ ለዚህም በኋላ ሁለቱ ወደ ሰዶም መሄዳቸውን ይጠቅሳሉ። በየትኛውም ወገን ብንቆም ቁጥሩ በትርጉም ውስጥ መጥፋት የለበትም፤ ክርክሩ ሁሉ የተመሠረተው በእሱ ላይ ነውና።

ሥላሴን ከጠራን ዘንድ አማርኛ ሌላም የሚያስገርም ነገር አለው። «ቅድስት ሥላሴ» ስንል ቅጽሉ የሴት ነው። በግዕዝ «ሥላሴ» ሦስትነት የሚል ስም ነውና የሴት ቅጽል ይዟል፤ አባቶች ደግሞ እናት ልጅ እንደምታስገኝ ፍጥረትን ሁሉ ያስገኙ ናቸውና ቅድስት ተባሉ ብለው ያመሠጥሩታል። ግሡ ጋ ስንደርስ ግን ሴቱም ወንዱም ይቀርና «ሥላሴ ይጠብቁን» ይባላል። «እግዚአብሔር ይጠብቀን» ውስጥ ያለው ቀ ወደ ቁ ይዞራል። ይህ «ቁ» የሦስቱ አካላት ብዛት ነው እንጂ አንቱታ አይደለም። የሕትመት እርማት የሚሠራ ሰው የፊደሉን እግር ሳያይ ቢያልፍ አንዱን ሦስት፣ ሦስቱን አንድ ያደርጋል።

ጾታው በጣም የሚያስፈልገው ሣራ ስትስቅ ነው። ሣራ ከድንኳኑ ደጃፍ ሆና ሰምታ በልቧ ሳቀች፤ ከዚያም ፈርታ አልሳቅሁም ብላ ካደች። መልሱ በቀጥታ ለእርስዋ የተሰጠ ነው፤ ዕብራይስጡም ለሴት የሚነገር ግሥ ነው የተጠቀመው። በአማርኛ «ስቀሻል» ስንል «ሽ» የምትባል አንዲት ፊደል ንግግሩን ወደ ድንኳኑ ውስጥ ትልከዋለች። ሣራ ግን አሮጊት ናት፤ ዘጠና የሚጠጋት ሴት በአበሻ ቤት «እርስዎ» ነው የምትባለው። ተርጓሚው ለዕድሜዋ አስቦ «ስቀዋል» ቢል ትዕይንቱ ይፈርሳል። ማን ነው የሳቀው? እርስዋ? እንግዶቹ? ወይስ በፊተኛው ምዕራፍ በግንባሩ ተደፍቶ የሳቀው አብርሃም? ሁሉም ይሆናል። አምላክ ሰውን ሲያናግር አንቱታ የማይጠቀመው የሚበልጠው ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ ማንን እንደሚያናግር በግልጽ እንድናውቅም ነው።

እነዚሁ እንግዶች በቁርአንም አሉ። በሁድ ምዕራፍ ወደ ኢብራሂም የመጡት መልእክተኞች ናቸው፤ እነርሱ «አሉ» ሲባሉ ብዙ ስለሆኑ ነው። ሚስቱ ስትስቅ ግን ዐረብኛው ወደ ሌላ ድምፅ ይዞራል፤ አላህ ራሱ «አበሰርናት» ይላል። ይህ «እኛ» ብዛት አይደለም፤ የልዕልና ነው። በ1961 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ቁርአን ትርጉምም «እኛ»ን እንዳለ ይዞታል። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ አነጋገር ባዳ አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በአዋጅና በንግግራቸው «አድርገናል፣ ወስነናል» ሲሉ ይሰማ ነበር። ልዩነቱ አቅጣጫው ላይ ነው። አላህ ስለ ራሱ «እኛ» ይላል፤ ባሪያው ግን መልሶ «እናንተ» ወይም «እርስዎ» አይለውም፣ «አንተ» ይለዋል። በዛሪያት ምዕራፍ ደግሞ መልእክተኞቹ ለሴትዮዋ ሲመልሱ «ጌታሽ» የሚል የሴት ቃል አለ፤ እዚህም «ጌታዎ» ቢባል ሴትነቷ ይጠፋል።

ሐዲሥ ሲነገር ልዩነቱ በአንድ ትንፋሽ ይሰማል። «የአላህ መልእክተኛ እንዲህ ብለዋል፦ አላህ እንዲህ ብሏል» ይባላል። መልእክተኛው «ብለዋል»፣ ላኪው «ብሏል»። ይህ ከቄሱና ከጌታው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሁለቱ ሃይማኖት ተከታዮች ከተለያየ መጽሐፍ ተነሥተው በአማርኛ እዚህ ላይ ተገናኝተዋል።

ከሁሉ አስቸጋሪው በአል-ሙእሚኑን ምዕራፍ 99ኛው አንቀጽ ላይ ያለው ነው። ሞት የመጣበት ሰው «ጌታዬ» ብሎ በነጠላ ጠርቶ ወዲያው ትእዛዙን በብዙ ቁጥር ይናገራል። ከዐረብኛ ሙፈሲሮች አንዳንዶቹ ብዙው ለክብር ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ጌታውን ጠርቶ ነፍስ ወደሚወስዱት መላእክት ዞረ ይላሉ። በአማርኛ «መልሰኝ» ማለት የዐረብኛውን ብዙ ቁጥር ማጥፋት ነው። «ይመልሱኝ» ማለት ለክብር ነው የሚሉትን ደግፎ መወሰን ነው፤ በዚያም ላይ በአማርኛ ማንም አላህን የማይለምንበትን አንቱታ ያስገባል። «መልሱኝ» ግን ጆሮን ይቆረቁራል፤ «ጌታዬ» ካለ በኋላ ለስንት ሰው ነው የሚናገረው ያሰኛል። እኔ «መልሱኝ»ን እመርጣለሁ፤ ሁለቱንም ፍቺ ሳይዘጋ የሚይዘው እሱ ነውና። ከሥሩ ግን በአንዲት መስመር ማስታወሻ ማብራራት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አንባቢው የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው ብሎ በእርሳስ ያርመዋል።